90 ዲግሪ ቤንዱ ለሁለተኛ ጊዜ ወጣብኝ፤ ትረስት ብሎኩን ምን ያህል ላድርገው?

ሚኪ_ሳይት
ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ሥራው ገና ስላልተረከበ የከተማዋንም የማንንም ስም አልጠራም።

መስመሩ ከኮረብታ ላይ ካለ ሪዘርቯየር በግራቪቲ ይወርዳል። ቧንቧው 200 ሚሊ ሜትር ዳክታይል ነው፣ በላስቲክ የሚገጥም ሶኬት ያለው። ሜዳው ላይ ወርዶ አስፋልቱ ጋ ሲደርስ በ90 ዲግሪ ቤንድ ወደ ግራ ይታጠፋል። በሪዘርቯየሩና በቤንዱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 95 ሜትር ነው። አፈሩ ዋልካ ነው፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ጫማ ያወልቃል።

ግንቦት ላይ በ14 ባር ቴስት አደረግነው። ሁለት ሰዓት ቆየ፣ ጠብታ እንኳ አልወጣም። ሁሉም ፈርሞ ተሸፈነ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልክ ተደወለልኝ። ቤንዱ ከሶኬቱ ወጥቶ የአስፋልቱ ዳር ኩሬ ሆኗል። ቆፍረን መለስነው፣ ከጀርባው የሚደግፈውን የኮንክሪት ብሎክም አዲስ ሞላን። በአሥረኛው ቀን እንደገና ወጣ፣ አሁንም ሌሊት።

ብሎኩ አፈሩን የሚነካበት ፊቱ 60 በ50 ሳንቲ ሜትር ነው። ስሌቱ የኔ አይደለም ግን አይቼዋለሁ። ቀን ላይ ጌጁ ያነበበውን 5 ባር ይዘዋል፣ የአፈሩን መሸከም 150 ኪሎ ፓስካል ብለዋል፣ በ1.5 አባዝተው 0.27 ካሬ ሜትር አግኝተዋል። 0.30 ተሠራ። ኮንትራክተሩ ጥፋቱን ላስቲኩ ላይ ጥሏል። ላስቲክ ልቀይር ወይስ ብሎኩን እጥፍ ላድርገው?

ፎርማን_ጋሼ
ልጄ ሚኪ፣ ይሄ የላስቲክ ነገር አይደለም። እኔ ቧንቧ ስዘረጋ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ውሃው ከኮረብታ እየተምዘገዘገ መጥቶ ጎሚቶው ላይ ይላተማል፤ የሚያወጣው እሱ ነው። ሁለት ነገር አድርግ። ከላይ ያለውን ሳራቺኔስካ ትንሽ ቀንስና ፍጥነቱን አብርድ። ብሎኩን ደግሞ ብረት አስገብተህ ከባድ አድርገው። ክብደት ያለው ነገር ከቦታው አይነቃነቅም።

ውሃ_ልክ
ጋሼ፣ ላስቲኩ አይደለም ያሉት ልክ ነው። ላስቲክ ውሃ እንዳያፈስ እንጂ ቧንቧውን ጎትቶ እንዲይዝ አልተሠራም። የቀረውን ግን በአክብሮት ላርም፤ ሚኪን ወደ ሌላ መንገድ ይወስደዋል።

ፍጥነት እዚህ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ውሃው በሰከንድ 1.5 ሜትር ቢሮጥ እንኳ በመታጠፉ ብቻ ቤንዱን የሚገፋው 110 ኒውተን ገደማ ነው፤ አንድ ልጅ በእጁ የሚይዘው አሥራ አንድ ኪሎ። ቤንዱን ከሶኬቱ የሚያወጣው ቆሞ ያለው ውሃ ነው። ሚኪ ሁለቱም ጊዜ ሌሊት ነው ብሎናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማን ውሃ ይቀዳል? ማንም። ውሃው ቆሟል፣ በመንገድ ላይ በሰበቃ የሚጠፋ ግፊት የለም፣ የ95 ሜትሩ ከፍታ በሙሉ ቤንዱ ላይ ተኝቷል። ያ 9.3 ባር ነው። ቀን የተነበበው 5 ባር ሰው ሁሉ እየቀዳ ሳለ የተረፈው ነው።

ግፊት ቤንዱን ለምን ወደ ውጭ ይገፋዋል ለሚል ሰው፦ ቀጥ ባለ ቧንቧ ውስጥ ውሃው የግራውንም የቀኙንም ግድግዳ እኩል ስለሚገፋ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ቤንድ ላይ ግን የውጭው ጀርባ ከውስጠኛው ብብት ይሰፋል። ያው ግፊት በሰፊ ቆዳ ላይ ሲያርፍ የበለጠ ጉልበት ይሆናል፣ ትርፉም ቤንዱን ወደ ጀርባው ይገፋዋል። የሚከተለው የዚያ ልክ ነው፦

```
T = 2 × P × A × sin(θ/2)
```

T የሚገፋው ጉልበት፣ P ግፊቱ፣ A የቧንቧው አፍ ስፋት፣ θ ቤንዱ የሚታጠፍበት ማዕዘን ነው። A ላይ አንድ ስህተት ይለመዳል። ብዙ ሰው በ200 ሚሊ ሜትር ያሰላል፤ ግን ግፊቱ ሶኬቱ ውስጥ እስከ ላስቲኩ ድረስ ስለሚገባ መያዝ ያለበት የቧንቧው የውጭ ዲያሜትር ነው። ለ200 ዳክታይል 222 ሚሊ ሜትር ነው፣ ስፋቱም 0.0387 ካሬ ሜትር ይመጣል።

በሌሊቱ 9.3 ባር አስሉት፤ 51 ኪሎ ኒውተን ይመጣል፣ ከአምስት ቶን በላይ። ያንን በ0.30 ካሬ ሜትር አካፍሉት። አፈሩ ላይ ያረፈው 170 ኪሎ ፓስካል ነው። ይችላል የተባለው 150 ነበር፣ እሱም በደረቅ። ሚኪ፣ ብሎክህ በየሌሊቱ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ነበር።

ሚኪ_ሳይት
ውሃ_ልክ፣ አመሰግናለሁ፤ የሌሊቱ ነገር አሁን ገባኝ። ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ቴስቱ 14 ባር ነበር፣ ያ ከ9.3 ይበልጣል። ብሎኩ ለ9.3 የማይበቃ ከሆነ ግንቦት ላይ እንዴት አለፈ?

ውሃ_ልክ
ጥሩ ጥያቄ ነው። 14 ባር ላይ ጉልበቱ 77 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፣ ብሎክህ አፈሩን በ255 ኪሎ ፓስካል ገፍቶታል። ግንቦት ላይ የደረቀ ዋልካ ግን እንደ ሸክላ ነው፤ ያንን መሸከም ይችላል፣ ለሁለት ሰዓት ደግሞ በደንብ። ሐምሌ ላይ ያው አፈር ውሃ ጠጥቶ ሊጥ ይሆናል። ለስላሳ ሸክላ ከ50 ኪሎ ፓስካል በላይ እንዲሸከም አልጠይቀውም። ቴስቱ የመዘነው የግንቦቱን አፈር ነው።

ይህ ግን የመጀመሪያውን መውጣት ነው የሚያስረዳው። ሁለተኛው በአሥር ቀን መሆኑ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ሁለተኛውን ብሎክ እንዴት እንደሞላችሁት ጻፍልን። ፎቶ ካለህ በተለይ ጀርባውን አሳየን።

የሰፈር_ልጅ_07
እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ። ጣራ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ ጎሚቶው ጋ ያንጠባጥባል። ሲሚንቶ ልለጥፍበት? ትረስት ብሎክ ማለት ያ ነው?

ፎርማን_ጋሼ
አይደለም ልጄ። ያንተ በጥርስ የተጠመደ ነው፣ ጥርሱ ይይዘዋል። ፈትተህ ካናፓ ጠምጥመህ እሰረው። ሲሚንቶ ብትለጥፍ በኋላ በመዶሻ ነው የምታወጣው።

ሚኪ_ሳይት
ፎቶዎቹን ለጥፌአለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ጉድጓዱ በኤክስካቫተር ሰፍቶ ነበር፣ ምክንያቱም ጭቃው ይናድብን ነበር። አናጢው በአራቱም በኩል ጣውላ ገጠመ፣ ብሎኩ ቆንጆ ሆኖ ወጣ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ልክ ነበር። ጣውላው ሲነሳ ከጀርባው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ቀረ፤ በወጣው አፈር ሞላነው፣ በእግር ረገጥነው።

ውሃ_ልክ
ይኸው። ቆንጆ ሆኖ መውጣቱ ነው የገደለው።

ትረስት ብሎክ ጀርባው ላይ ጣውላ አይኖረውም። ኮንክሪቱ ያልተነካው አፈር ላይ በቀጥታ መፍሰስ አለበት፣ የአፈሩን ሸካራ ፊት ይዞ ይደርቅ። ጎኖቹን በጣውላ ብታበጅ ግድ የለኝም። ጀርባውን ግን በእጅ ቆፋሪ አስተካክል፣ የላላውን ፍቀህ አውጣ፣ ከዚያ ሙላ። በእግር የተረገጠ ዋልካ ስፖንጅ ማለት ነው። ብሎኩ 40 ሳንቲ ሜትሩን ጨምቆ ጠንካራው አፈር ላይ እስኪደርስ ድረስ ቤንዱ ከሶኬቱ ወጥቶ አልቋል፤ ለመውጣት ደግሞ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል።

ከፎቶው ሌላም አየሁ። ኮንክሪቱ የሶኬቶቹን አፍ ውጦታል። ወደፊት አንድ ላስቲክ ለመቀየር ብሎኩን ማፍረስ ትገደዳለህ። የቤንዱን ጀርባ ብቻ ያቅፍ፣ መጋጠሚያዎቹ ነጻ ይሁኑ፣ በኮንክሪቱና በቤንዱ መካከል ፕላስቲክ አንጥፍ።

ፎርማን_ጋሼ
የጀርባውን ጣውላ ነገር እኔም እመሰክራለሁ፤ እኛም ድሮ ድንግል አፈር ላይ ካልሆነ አትሙላ እንባል ነበር። ክብደቱ ግን ምንም አያደርግም ነው የምትይኝ? ሁለት ሜትር ኩብ አርማታ እኮ ዝሆን ነው።

ውሃ_ልክ
እናስላው ጋሼ። በቴስት ግፊት የሚገፋው 77 ኪሎ ኒውተን ነው። ብሎኩ መሬት ላይ በክብደቱ ብቻ ተሰብቆ ይያዝ ብንል፣ ሰበቃው ከክብደቱ 40 በመቶ ቢሆን፣ 190 ኪሎ ኒውተን የሚመዝን ኮንክሪት እንፈልጋለን። ያ ስምንት ሜትር ኩብ ነው፣ ያውም ያለ ምንም መጠባበቂያ። ለአንድ 200 ቤንድ! የእርስዎ ሁለት ሜትር ኩብ ዝሆን ሩቡን ብቻ ነው የሚይዘው።

ብሎክ ሥራው ሰፊ ፊት መሆን ነው። ጉልበቱን ከትንሽዋ የቤንድ ጀርባ ተቀብሎ በሰፊ አፈር ላይ ይበትነዋል። ለዚህ ነው ስሌቱ ካሬ ሜትር የሚያወጣው።

ቆንጥር
አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም። 14 ባሩ ራሱ ከ9.3 ባሩ በ1.5 ተባዝቶ የመጣ የቴስት ግፊት ነው። በዚያ ላይ እንደገና 1.5 መጠባበቂያ ማባዛት እጥፍ መቁጠር ነው። በዓመት አንዴ እንኳ የማይመጣ ግፊት ይዘን ኮንክሪት እናባክናለን። አንድ ቤንድ ከሆነ ምንም አይደለም፤ እኔ ግን መቶ ሃያ ቤንድ ያለው መስመር ላይ ነኝ፣ የሲሚንቶን ዋጋ ታውቃላችሁ።

ዲሲ_ቧንቧ
እኔ ያለሁት ዋሽንግተን አካባቢ ነው፣ የከተማ ውሃ መስመር ዲዛይን ላይ። እዚህ ከሥራ ግፊቱ ላይ ድንገተኛው ምት ተጨምሮ ወይም የቴስት ግፊቱ ተይዞ በ1.5 ይባዛል፤ ስንሠራ የምናየውም ሁለቱ ለየቅል መሆናቸውን ነው። የቴስት ግፊት ቧንቧው ላይ በእርግጥ የሚደርስ ጉልበት ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። 1.5ቱ ደግሞ ስለ አፈሩ ካለማወቃችን የመጣ ነው። አፈሩን በላብራቶሪ ያስመረመረ ሰው ዝቅ ቢያደርገው አልጣላም። በዐይኑ አይቶ 150 ያለ ሰው ግን እንኳን 1.5፣ 2ም አይበዛበት።

ቆንጥር
አፈሩን ማስመርመሩ ከኮንክሪቱ ይረክሳል እያልክ ነው?

ዲሲ_ቧንቧ
መቶ ሃያ ቤንድ ካለህ፣ አዎ።

ውሃ_ልክ
እኔ ዋልካ ላይ የቴስት ግፊቱንም 1.5ንም እይዛለሁ፤ ቀይ አፈርና ገረጋንቲ ላይ ግን ወደ ቆንጥር እጠጋለሁ። በዚህ ላይ ሁለት ኢንጂነር ሲስማማ አላየሁም።

ወደ ሚኪ ልመለስ። 77 ኪሎ ኒውተኑን በ1.5 ስታባዛ 115 ይሆናል። በ50 ስታካፍል 2.3 ካሬ ሜትር። ከ0.30 ጋር አስተያየው፤ እጥፍ ላድርገው ያልከው ከሩቡ ብዙም አያልፍም ነበር።

አሁን ቅርጹ። ቧንቧህ ከመሬት 1.1 ሜትር ዝቅ ብሎ ነው እንበል፣ የብሎኩን ታች 1.5 ሜትር ላይ አድርገው። ቁመቱ ከዚህ ጥልቀት ግማሽ አይብለጥ፣ ማለትም 75 ሳንቲ ሜትር። ምክንያቱም ብሎኩ አፈሩን ሲገፋ አፈሩ ወደ ኋላ ብቻ አይሄድም፤ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ወደ ላይ መነሳት ይፈልጋል። የሚጫነው ከላዩ ያለው አፈር ነው። ብሎኩ ወደ መሬት ወለል በተጠጋ ቁጥር የሚጫን አፈር ያጣል። ታዲያ 2.3ን በ0.75 አካፍለው፤ 3 ሜትር ስፋት መጣ። ሦስት ሜትር ሰፍቶ 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ነገር ጥሩ ብሎክ አይሆንም፤ ጉልበቱ መሃሉ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጫፎቹ ሥራ ፈት ናቸው፣ ብረት ካልገባበትም መሃሉ ይሰነጠቃል። ስፋቱ ከቁመቱ እጥፍ ብዙ ባይርቅ ይሻላል።

ሚኪ_ሳይት
እና ምን ላድርግ? አስፋልቱ ጋ 3 ሜትር የሚሆን ቦታም የለኝም። የመብራት ፖል አለ።

ውሃ_ልክ
90ውን ጣለውና በሁለት 45 ተካው። በመካከላቸው አንድ ሙሉ ቧንቧ ይግባ፣ ብሎኮቹ እንዳይደራረቡ። 45 ላይ የሚገፋው 41.5 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። በ1.5 አባዝተህ በ50 ስታካፍል 1.24 ካሬ ሜትር ይመጣል፤ 75 በ165 ሳንቲ ሜትር አድርገው። እጥፉን በጥቂቱ ያልፋል፣ ግን ይሠራል። ኮንክሪቱ በድምሩ ብዙም አይቀንስልህም፤ የምታተርፈው እያንዳንዱ ብሎክ ሊሠራ የሚችል መጠን መሆኑን ነው።

ሌላው መንገድ ከታች ጠንካራ አፈር መኖሩን ማየት ነው። ዋልካው ስንት ሜትር ይወርዳል?

ሻርጃ_ሳይት
እኔ ሻርጃ ነኝ፣ ቧንቧ ኮንትራክተር ጋ። እኛ ጋ ችግሩ ዋልካ ሳይሆን አሸዋ ነው፤ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ሳትወርድ ውሃ ታገኛለህ። ውሃ ውስጥ ያለ አሸዋ ቀሎ ይቀመጣል፣ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል፣ ጉድጓዱም ስለሚናድ ድንግል አፈር የሚባል ፊት አታገኝም። ስለዚህ ብዙ ቦታ ብሎኩን ትተን የሚቆለፍ ሶኬት እንጠቀማለን። ቤንዱና ከሁለቱም ወገን ያሉት ጥቂት ቧንቧዎች እርስ በርስ ተይዘው እንደ አንድ ዘንግ ይሆናሉ፤ ጉልበቱን በቧንቧው ዙሪያ ያለው አፈር በሰበቃ ይበላዋል። ለ200 ቧንቧ በዚህ ግፊት በእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሦስት ባለ 6 ሜትር ቧንቧ መቆለፍ ሊያስፈልግህ ይችላል፤ እሱም ይሰላል እንጂ አይገመትም።

አንድ ጥቅም አለው። ነገ ሌላ ድርጅት መጥቶ ከብሎክህ ጀርባ የኬብል ቦይ ቢቆፍር የምታጣው ነገር ያንሳል። እኔ ያየሁት ነው፤ ዓመታት በሰላም የቆየ ቲ ከጀርባው አፈሩ በተነሳ በሁለተኛው ቀን ተወረወረ።

ፕላስቲክ_አፍቃሪ
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ኤችዲፒኢ አድርጉትና ገላገላችሁ። ፕላስቲክ ትረስት ብሎክ አይፈልግም።

ዲሲ_ቧንቧ
በከፊል እውነት ነው። በሙቀት የተበየደ ኤችዲፒኢ መጋጠሚያው ራሱ ጎትቶ ይይዛል፣ ቤንዱም ቲውም ከመስመሩ ጋር አንድ አካል ነው። በላስቲክ የሚገጥም ፒቪሲ ግን ፕላስቲክ ነው ብለህ ብትተወው እንደ ሚኪ ቤንድ ሌሊት ይወጣል። የተበየደው ኤችዲፒኢም ከዳክታይል ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጣጣ አለው። ውሃ ሲሞላና ሲነፋ በርዝመቱ ያጥራል፤ ሲያጥር ዳክታይሉን ከሶኬቱ ይጎትተዋል። እዚያ ጋ ማሰሪያ ያስፈልጋል።

ቲ_በ_ቲ
ይቅርታ፣ የኔን ላስገባ። ነባር 200 መስመር ላይ 100 ቅርንጫፍ በቲ ላወጣ ነው። ቲ ላይ ብሎኩ የት ነው? አንድ ሰው ቅርንጫፉ ሥር አድርገው አለኝ፣ እንዳይሰምጥ።

ውሃ_ልክ
ከቅርንጫፉ ተቃራኒ፣ በዋናው ቧንቧ ጀርባ። ቲ ላይ ቅርንጫፉ ያለበት ቀዳዳ ግድግዳ የለውም፣ ትይዩው ግድግዳ ግን አለ፤ እሱን የሚያጠፋለት ስለሌለ ቲው ወደ ጀርባው ይሸሻል። ጉልበቱ ግፊት ሲባዛ በቅርንጫፉ ስፋት ነው እንጂ በዋናው አይደለም። 100 ዳክታይል የውጭ ዲያሜትሩ 118 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ14 ባር 15 ኪሎ ኒውተን ገደማ ይሆናል፣ አንድ ቶን ተኩል። የራስህን ግፊትና አፈር አስገባበት። ሥሩ የሚደረገው ድጋፍ ሌላ ነው፣ ክብደት ለመሸከም።

የቅርንጫፉ ጫፍ ከተደፈነም ያው አንድ ቶን ተኩል በሌላ አቅጣጫ ይጠብቅሃል። የተዘጋ ሳራቺኔስካም የተደፈነ ጫፍ ነው፤ ይህንን የሚረሳ ብዙ ነው።

ፎርማን_ጋሼ
እሺ፣ እኔ ተሸንፌአለሁ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ኮረብታ ጫፍ ላይ ቧንቧው ወጥቶ ሲወርድ የሚታጠፍበት ጎሚቶስ? እዚያ ከላይ ካልከበደው ይነሳል። በዐይኔ አይቻለሁ፣ አፈሩን ገልብጦ ወጣ።

ውሃ_ልክ
እዚያ ላይ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ሙሉ በሙሉ። ጉልበቱ ወደ ሰማይ ከሆነ የሚገፋበት አፈር የለም፤ ክብደት ብቻ ነው የሚይዘው። በሚኪ ግፊት 200 ቧንቧ ሜዳ መጥቶ በ22.5 ዲግሪ ቁልቁል ቢታጠፍ ወደ ላይ የሚያነሳው 21 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ኮንክሪት ይፈልጋል፣ ከመጠባበቂያው ጋር ከዚያ በላይ። ብሎኩ ከሥሩ ሆኖ ቤንዱ በብረት ቀበቶ ይታሰርበታል። የእርስዎ ብረት የሚገባው እዚህ ነው።

ሚኪ_ሳይት
ተመልሻለሁ፣ አራት ቀን ሆነኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሌሊት ጌጅ አስቀምጬ አደርኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 9.1 ባር አነበብኩ። ፎቶ አንስቼ ላክሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ላስቲክ ያወራ የለም። ቤንዱ ላይ የገባውን ቧንቧም አየሁት፤ ጫፉ ላይ ያሉት ነጫጭ መስመሮች ሶኬቱ አፍ ላይ መቆም ሲገባቸው አንዱ ወገን በሙሉ ተመዝዞ ወጥቷል። ላስቲኩ ጤነኛ ነው፣ ጭረት የለውም።

አፈሩን በእጅ መሰርሰሪያ አየነው። ዋልካው 2.4 ሜትር ይወርዳል፣ ከሥሩ ጠጠር የተቀላቀለ ጠንካራ አፈር አለ። ኮንትራክተሩ አሁን ሌላ ሐሳብ አመጣ፦ ከብሎኩ ጀርባ ያለውን ዋልካ አውጥተን በገረጋንቲ ሞልተን በደንብ እንጠቅጥቅ፣ ከዚያ 150 ይያዝና ብሎኩ ይነስ ይላል።

ዲሲ_ቧንቧ
ምን ያህል ውፍረት ገረጋንቲ?

ሚኪ_ሳይት
50 ሳንቲ ሜትር።

ዲሲ_ቧንቧ
ከገረጋንቲው ጀርባ ያለው ዋልካ የት ሄደ? ጉልበቱ እኮ ገረጋንቲው ላይ አይቆምም፣ ያልፋል። ገረጋንቲው የሚጠቅምህ ጉልበቱን ዘርግቶ ሰፋ ባለ ዋልካ ላይ ስለሚያሳርፈው ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ብዙ አይዘረጋም። 150 አትቀበል።

ሻርጃ_ሳይት
እኔ ትንሽ እለያለሁ። በማሽን በንብርብር ተጠቅጥቆ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን፣ ወደ ጎንም ሰፋ ቢል፣ ከ50 ከፍ ያለ ቁጥር መያዝ ይቻላል። ግን በክረምት፣ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ፣ ማን ነው በንብርብር የሚጠቀጥቀው?

ውሃ_ልክ
ሚኪ፣ ሁለቱን 45 አድርግ፣ 50 ያዝ። ገረጋንቲውን ቢጨምሩልህ ጥሩ፣ በስሌቱ ግን አትቁጠረው። ስትሞላ ኮንክሪቱን ቢያንስ ሰባት ቀን ተወው፤ በሦስተኛው ቀን ቴስት እናድርግ ቢሉህ እምቢ በል። ከቴስቱ በፊት ከእያንዳንዱ ብሎክ ጎን፣ ከሚነቃነቀው አፈር ራቅ አድርገህ ሁለት ካስማ ትከልና በመካከላቸው ሲባጎ ወጥር፤ ከሲባጎው እስከ ብሎኩ ፊት ያለውን ለካና ጻፍ። ግፊቱን በአንዴ ወደ 14 አትውሰደው፤ 5 ላይ ቁም፣ ለካ፤ 10 ላይ ቁም፣ ለካ። ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ሄዶ ከቆመ አፈሩ ተጨምቆ ያዘ ማለት ነው። ግፊቱ ሳይጨምር መሄዱን ከቀጠለ ቶሎ አራግፍ፣ ሰው ከቤንዱ ጀርባ አይቁም።

ሚኪ_ሳይት
45ቱ ቤንዶች ስቶር የሉም፤ አንድ ሳምንት ይፈጃሉ ተብያለሁ። እስከዚያ ከተማዋ ውሃ የላትም። 90ውን መልሼ፣ ከላይ ሳራቺኔስካውን ሌሊት ሌሊት እየዘጋሁ ቀን ብቻ ባስኬደውስ?

ፎርማን_ጋሼ
እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይሄንን ነበር እኮ።

ውሃ_ልክ
ጋሼ፣ መቀነስ ነበር ያሉት። መቀነስና መዝጋት ይለያያሉ፤ ሌሊት ውሃው ሲቆም በትንሽ ክፍተትም ቢሆን ሙሉው ግፊት ቀስ ብሎ ይደርሳል። ጨርሶ ከተዘጋና በትክክል የሚዘጋ ከሆነ ግን ቤንዱ ጋ የሚቀረው ከሳራቺኔስካው በታች ያለው ብቻ ነው። ሚኪ፣ ሳራቺኔስካው ከቤንዱ በላይ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ነው? በዚያ መስመር ውስጥ የቆመው ውሃስ እሱ ራሱ ስንት ባር ነው?

ሚኪ_ሳይት
ሪዘርቯየሩ ሥር ነው፣ ከቤንዱ 92 ሜትር ከፍ ብሎ።

ዲሲ_ቧንቧ
እንግዲያው ብትዘጋውም 9 ባር አለህ። አትመልሰው። ቦቴ ጠይቅ።